የገበሬ ቤት እውነተኛው የወር ቁጠባ እንዴት እንደሚታሰብ

በጥር ወር ወደ አንድ ገበሬ ቤት የገባ ሹም ባለጸጋ ቤት የገባ ይመስለዋል፤ በነሐሴ ወር ወደዚያው ቤት ቢመለስ ግን የድኻ ቤት ያያል። ቤቱ ያው ነው፤ ሰውየውም ያው ነው፤ የተለወጠው ወሩ ብቻ ነው። ስለዚህ ብድር የሚፈቅዱ ሹማምንት ገበሬውን «በወር ስንት ትቆጥባለህ?» ብለው ሲጠይቁት ሰውየው የሚመልሰው መልስ በጠየቁበት ወር ይወሰናል እንጂ በቤቱ እውነተኛ ኑሮ አይወሰንም። ደመወዝተኛ ሰው በየወሩ የሚቀበለው አንድ ልክ ገንዘብ ስለ ሆነ ከዚያ ላይ ወጪውን ቀንሶ ወዲያው መመለስ ይችላል። ገበሬው ግን ሰብሉን የሚሸጠው በዓመት አንድ ጊዜ ወይም ሁለት ጊዜ ነው፤ ልጁ ከውጭ አገር የምትልክለት ገንዘብም ቀን የለውም፤ ዕዳውን የሚከፍለውም ባንድ ወር ጠቅልሎ ነው። እንዲህ ያለውን ቤት በወር መለካት ወንዝን በክረምት ብቻ አይቶ ዓመቱን ሁሉ ይሞላል እንደ ማለት ነው።

ነገሩ ግልጥ ይሆን ዘንድ በምሥራቅ ጎጃም የሚኖር አንድ ጤፍ አራሽ ቤተ ሰብ እንደ ምሳሌ ይወሰድ። ቁጥሮቹ የአሠራሩን መንገድ ለማስረዳት የተሰናዱ ናቸው እንጂ የአንድ የታወቀ ሰው ሒሳብ አይደሉም። ቤተ ሰቡ ባልና ሚስት ከአራት ልጆች ጋራ ነው፤ ታላቂቱ ልጅ በሳዑዲ ዐረቢያ በቤት ሠራተኝነት ታገለግላለች። ባለቤቱ በመስኖ ሽንኩርት ለማልማት የውሃ መሳቢያ ሞተር ሊገዛ ስላሰበ 60,000 ብር ብድር ጠይቋል። ብድሩ በሁለት ዓመት የሚከፈል፥ ወለዱም በዓመት ከመቶ 18 የሚታሰብ ነው። ይህ ቤት ብድሩን ይችላል ወይስ አይችልም? ጥያቄው ይህ ነው።

ሒሳቡ ከመስከረም 1 ቀን እስከ ጳጉሜን መጨረሻ የ2017 ዓመተ ምሕረትን በሙሉ ይይዛል። መስከረም የተመረጠበት ምክንያት የዘመን መለወጫ ስለ ሆነ ብቻ አይደለም። በዚያ ጊዜ ያለፈው ዓመት እህል ከጎተራ ሊያልቅ የቀረበ፥ አዲሱም ገና በማሳ ላይ ያለ ስለ ሆነ የሚቈጠረው ንብረት ጥቂት ነው፤ ስሕተትም ያንሳል። ሒሳቡ በጥር ቢጀመር ግን ጎተራው ሙሉ ስለ ሆነ በእያንዳንዱ ኩንታል ግምት ላይ ክርክር ይነሣል። የጳጉሜን አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀኖች ከነሐሴ ጋራ ይደመሩና ዓመቱ በ12 ይካፈላል።

በዚህ ዓመት ውስጥ ወደ ቤቱ የገባው ገንዘብ እንዲህ ነው። ከጤፍ ሽያጭ 88,000 ብር፤ ከቅቤ፥ ከእንቁላልና ከቀን ሥራ 12,000 ብር፤ ከልጂቱ በአምስት ጊዜ የተላከ 118,000 ብር፤ ከአንድ በሬ ሽያጭ 45,000 ብር፤ ለማዳበሪያ የተወሰደ የዓመት ብድር 40,000 ብር፤ ከዕቁብ የደረሰው 24,000 ብር። ሲደመር 327,000 ብር ይሆናል። በዓመቱ መጨረሻ በእጅና በባንክ የተገኘው ጥሬ ገንዘብ በመጀመሪያው ቀን ከነበረው የበለጠው በ31,000 ብር ነው። ባለቤቱ ራሱ «ሦስት መቶ ሺህ ገብቶ ሠላሳ ሺህ ብቻ ቀረልኝ፤ ከመቶ አሥር እንኳ አልቈጠብሁም» ይላል። ይህ መልስ ሐሰት አይደለም፤ ነገር ግን የቁጠባው ሒሳብ አይደለም።

ትክክለኛውን ሒሳብ ለማግኘት በመዝገቡ ላይ የተጻፈው ገንዘብ ሁሉ በሦስት ዓምድ ይከፈላል። የመጀመሪያው ዓምድ የተገኘ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ቤቱን ከትናንትናው ይልቅ ባለጸጋ ያደረገው ነው። ሁለተኛው የጠፋ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ተበልቶ፥ ተለብሶ ወይም ተሰጥቶ የማይመለሰው ነው። ሦስተኛው መልኩን የለወጠ ገንዘብ ነው፤ ይኸውም ከአንዱ ኪስ ወደ ሌላው የተላለፈ እንጂ ቤቱን ያላበለጸገና ያላደኸየ ነው። ብዙዎች የሚሳሳቱት ሦስተኛውን ዓምድ ባለማወቅ ነው።

በሬው ሲሸጥ በሬ የነበረው ሀብት ብር ሆነ እንጂ አዲስ ሀብት አልተገኘም፤ ስለዚህ 45,000 ብሩ ከሦስተኛው ዓምድ ይገባል። ኋላም ባለቤቱ በ38,000 ብር ጊደር ገዝቷል፤ እርሱም ብር የነበረው ሀብት ከብት ስለ ሆነ እንደዚሁ ነው። የ40,000 ብሩ ብድር በገባበት ቀን ልክ የዚያኑ ያህል ዕዳ ተወልዷል፤ ስለዚህ ገቢ ተብሎ ሊጻፍ አይገባውም። ዕቁቡም በወር 2,000 ብር ተጥሎ 24,000 ብር የተሰበሰበበት፥ በዓመቱም ውስጥ ተጀምሮ ያለቀ ስለ ሆነ ሰውየው የራሱን ገንዘብ ተቀበለ እንጂ አላተረፈም። ዕቁቡ በዓመቱ መጨረሻ ላይ ያላለቀ ቢሆን ኖሮ ሒሳቡ ይለወጥ ነበር። ዕጣው ያልደረሰው ሰው የጣለው ገንዘብ ሁሉ ሌሎች ያለባቸው ሀብቱ ነው፤ ዕጣው አስቀድሞ የደረሰው ግን ገና የሚጥለው ገንዘብ ዕዳው ነው። ዕድር ከዚህ ይለያል፤ የዕድር መዋጮ ለሐዘን ቀን የሚረዳ እንጂ ተሰብስቦ የሚመለስ ስላይደለ ከጠፋው ዓምድ ይጻፋል።

ከዚህ ቀጥሎ የዕዳ አከፋፈል ይመጣል። ባለቤቱ በጥር ወር ያለፈውን ዓመት የማዳበሪያ ብድር ሲከፍል 35,400 ብር አውጥቷል። ከዚህ ውስጥ 30,000 ብሩ ዋናው ገንዘብ፥ 5,400 ብሩ ወለድ ነው። ሁለቱን በአንድነት ወጪ ብሎ መጻፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ዋናው ሲከፈል ዕዳው በዚያው ልክ ስለሚቀንስ ቤቱ ቈጠበ ማለት ነው፤ ወለዱ ግን የማይመለስ ስለ ሆነ የጠፋ ነው። የብድር ተቋሙ የሚሰጠው ደረሰኝ ሁለቱን ለይቶ ያልጻፈ እንደ ሆነ ገበሬው ተለይቶ እንዲጻፍለት መጠየቅ ይገባዋል፤ ያለዚያ ሒሳቡ ከሥሩ ይበላሻል።

ከውጭ አገር የሚላከው ገንዘብ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ልጂቱ ከላከችው 118,000 ብር ውስጥ 18,000 ብሩ «በስሜ አስቀምጡልኝ» ያለችው ነው፤ በስሟም በባንክ ተቀምጧል። ይህ የአደራ ገንዘብ ነው፤ አባቷ ቢይዘውም የቤቱ ገቢም ቁጠባም አይደለም። የቀረው 100,000 ብር ለቤቱ የተሰጠ ስለ ሆነ ገቢ ነው። ነገር ግን ከዚህ ውስጥ 40,000 ብሩ ልጂቱ ስትሄድ አባቷ ለመንገዷ ከዘመድ ያለ ወለድ የተበደረው ዕዳ ተከፍሎበታል። ብድሩ በአባቷ ስም ስለ ነበረ ክፍያው እንደ ማንኛውም ዋና ገንዘብ ክፍያ በቁጠባ ይታሰባል። ይሁን እንጂ ዕዳው አንድ ጊዜ ብቻ የሚከፈል፥ ለእርሱም ተብሎ የተላከው ገንዘብ አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ ስለ ሆነ በመዝገቡ አጠገብ «የማይደገም» ተብሎ ይጻፍበት። ይህ አንድ ቃል ኋላ በብድሩ ጥያቄ ላይ ብዙ ይሠራል።

አሁን ሒሳቡ ሊሠራ ይችላል። ከጤፉ ሽያጭ 88,000 ብር ላይ ለማዳበሪያና ለምርጥ ዘር የወጣው 38,000 ብር ይቀነሳል፤ ይህ ወጪ የእርሻው እንጂ የቤቱ ፍጆታ አይደለምና። በእውነቱ ይህ ማዳበሪያ የተበተነው በመስከረም በማሳ ላይ ላለው ሰብል ነው፤ ነገር ግን በዓመቱ መጀመሪያም እንዲሁ ያለ ሰብል በማሳ ላይ ስለ ነበረ ሁለቱ ይተካካሉ። ከጤፉ የቀረው 50,000 ብር ነው። በላዩ የልዩ ልዩ ገቢው 12,000 ብርና ከልጂቱ የመጣው 100,000 ብር ሲጨመር የዓመቱ የተጣራ ገቢ 162,000 ብር ይሆናል።

የጠፋው ገንዘብ ደግሞ ለምግብ ማሟያ፥ ለቡና፥ ለዘይትና ለልብስ 66,000 ብር፤ ለትምህርት ቤትና ለሕክምና 18,000 ብር፤ ለመሬት ግብር 2,000 ብር፤ ለዕድር፥ ለማኅበርና ለተዝካር 16,600 ብር፤ ለወለድ 5,400 ብር ነው። ድምሩ 108,000 ብር ይሆናል። ይህ ከ162,000 ብር ላይ ሲቀነስ 54,000 ብር ይቀራል። በ12 ቢካፈል በወር 4,500 ብር ነው፤ ከገቢው ጋራ ቢመዛዘን ከመቶ 33 ገደማ ይሆናል። ከመቶ አሥር እንኳ አልቈጠብሁም ያለው ሰው የገቢውን ሲሶ ቈጥቧል ማለት ነው። ቁጠባው በብር መልክ ብቻ ሳይሆን ዕዳ በመቀነስ መልክም ስለ ነበረ ሁሉን በዓይኑ አላየውም።

ይህ ሒሳብ ልክ መሆኑ በሌላ መንገድ ሊፈተን ይገባል። ፈተናውም በዓመቱ መጀመሪያና መጨረሻ ያለውን ሀብትና ዕዳ ማስተያየት ነው። በመስከረም 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ቤቱ 4,000 ብር ጥሬ ገንዘብና 130,000 ብር የሚገመቱ ከብቶች ነበሩት፤ ዕዳው የማዳበሪያው 30,000 እና የመንገዱ 40,000 በጠቅላላው 70,000 ብር ነበር። ዕዳው ሲነሣ የተጣራው ሀብት 64,000 ብር ነው። በዓመቱ መጨረሻ ጥሬ ገንዘቡ 35,000 ብር፥ ከብቶቹ 123,000 ብር፥ ዕዳው አዲሱ የማዳበሪያ ብድር 40,000 ብር ብቻ ሆኗል፤ የተጣራው ሀብት 118,000 ብር ነው። በጎተራ ያለው እህል በሁለቱም ጊዜ እኩል ስለ ነበረ አልተጻፈም። ከ118,000 ላይ 64,000 ሲነሣ 54,000 ይቀራል። ሁለቱ መንገዶች ባንድ ቁጥር ተገናኙ ማለት ነው።

ሳይገናኙ የቀሩ እንደ ሆነ የተረሳ ነገር አለ። ብዙ ጊዜ የሚረሳው ለዘመድ የተሰጠ ብድር፥ ያላለቀ ዕቁብ ወይም በዱቤ የተወሰደ የሱቅ ዕቃ ነው። ደግሞም የቀሩት ከብቶች በመጀመሪያም በመጨረሻም ባንድ ዋጋ መገመት አለባቸው። የገበያ ዋጋ ስለ ጨመረ ብቻ በረት ውስጥ የቆመን ያንኑ በሬ በ10,000 ብር አስበልጦ መጻፍ ያልተቈጠበ ቁጠባ መፍጠር ነው።

ስለ ቤት እህልም አንድ ነገር ሊባል ይገባል። ቤተ ሰቡ ከራሱ ማሳ የበላው ጤፍና በቆሎ በገበያ ዋጋ 90,000 ብር ያወጣል ቢባል ይህ ገቢም ፍጆታም ስለ ሆነ 54,000 ብሩን አይለውጠውም። የሚለውጠው ከመቶ የሚታሰበውን ነው፤ ገቢው 252,000 ብር ስለሚሆን ቁጠባው ከመቶ 21 ገደማ ይሆናል። ገበሬውን እህል ከሚሸምት ደመወዝተኛ ጋራ ለማስተያየት የሚፈልግ ሹም ይህንን ሁለተኛውን ልክ ይያዝ። የዘንድሮውን ቤት ከአምናው ጋራ ለሚያስተያይ ግን በየዓመቱ ያው አንዱ መንገድ እስከ ተጠበቀ ድረስ ሁለቱም ያገለግላሉ።

እንግዲህ ወደ ሞተሩ ብድር እንመለስ። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ከዋናው 30,000 ብርና ወለዱ 10,800 ብር በጠቅላላው 40,800 ብር ነው። ቤቱ በዓመት 54,000 ብር የሚቈጥብ ከሆነ ብድሩን በቀላሉ የሚችለው ይመስላል። ነገር ግን «የማይደገም» የተባለው 40,000 ብር በሚመጣው ዓመት የለም። ልጂቱ ያንኑ የቀረውን 60,000 ብር ትልካለች ቢባል የተጣራው ገቢ 122,000 ብር ይሆናል። ፍጆታው እንዳለ ሆኖ በአዲሱ የማዳበሪያ ብድር ላይ ያለው ወለድ 7,200 ብር ስለ ሆነ የጠፋው ገንዘብ ወደ 109,800 ብር ይወጣል። የሚቀረው 12,200 ብር፥ ከመቶ 10፥ በወርም ከ1,000 ብር ጥቂት የሚበልጥ ነው። እምነት ሊጣልበት የሚገባው የቁጠባ ልክ ይህ እንጂ 4,500 ብሩ አይደለም።

በዚህ ላይ የማዳበሪያው ብድር እንደ ልማዱ ተከፍሎ እንደ ገና ይወሰዳል ተብሎ ቢታሰብ እንኳ፥ የሞተሩን ክፍያ ለመሙላት ሽንኩርቱ ዘሩ፥ ነዳጁና ጉልበቱ ተቀንሶለት በመጀመሪያው ዓመት 28,600 ብር ማትረፍ አለበት። ያላተረፈ እንደ ሆነ በእጅ ያለው 35,000 ብር ይበላል፤ ከዚያም በኋላ የሚሸጠው የእርሻው በሬ ነው። ስለዚህ ብድር ፈቃጁ ሊጠይቅ የሚገባው «ገንዘብ አለህ ወይ?» ብሎ ሳይሆን «ይህን 28,600 ብር ሽንኩርቱ ይሰጣል ወይ?» ብሎ ነው። አነስተኛ ሞተር በ30,000 ብር ቢገኝ ወይም ክፍያው በአራት ዓመት ቢደረግ ሸክሙ ይቀላል፤ ይህንንም ማየት የሚቻለው ቁጥሩ በእጅ ሲኖር ነው።

ልጂቱ ብትመለስ ወይም ብትታመምስ? ያለ እርስዋ ገንዘብ የቤቱ የ2017 ገቢ 62,000 ብር፥ የጠፋውም 108,000 ብር ስለ ሆነ ቤቱ በዓመት 46,000 ብር ይጐድልበታል። ማሳው ቤቱን በእህል ይመግበዋል እንጂ ሌላውን ወጪ አይሸፍንለትም። የቤቱን ቁጠባ የምትይዘው በሰው አገር ያለች አንዲት ሴት ናት። የቤት ሠራተኞች ውል አብዛኛውን ጊዜ ለሁለት ዓመት ስለሚደረግ የብድሩ ዘመን ከውሏ ዘመን እንዳይረዝም መጠንቀቅ አስፈላጊ ነው። ከዚህም የተነሣ ቁጠባው ምን ጊዜም በሁለት መስመር ይጻፍ፤ አንዱ ከውጭ የተላከው ሲጨመር፥ ሁለተኛው ሳይጨመር።

የተላከው ገንዘብ ሲመዘገብ በብር ብቻ ሳይሆን በውጭው ገንዘብም ይጻፍ። በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ያህል ነበር፤ ከዚያ በኋላ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። የሳዑዲው ሪያል 3.75 በአንድ ዶላር የተወሰነ ስለ ሆነ 1,000 ሪያል አስቀድሞ 15,200 ብር ገደማ የነበረው ከ26,600 ብር በላይ ሆነ። ልጂቱ አንድ ሪያል ሳትጨምር በመዝገቡ ላይ ያለው ብር አድጓል። በብር ብቻ የጻፈ ሰው የልጂቱ አቅም የጨመረ ይመስለዋል፤ በሚቀጥለው ዓመትም እንዲሁ ይጨምራል ብሎ ዕዳ ይገባል።

በመጨረሻም በጥሬ ገንዘብ የተያዘው ቁጠባ በእህል መለካት አለበት። አንድ ኩንታል ጤፍ 11,000 ብር ሲሸጥ 31,000 ብር ሁለት ኩንታል ከሰማንያ ሁለት ኪሎ ገደማ ይገዛል፤ ጤፉ 12,500 ብር ቢገባ ግን ሁለት ኩንታል ከአርባ ስምንት ኪሎ ብቻ ነው። ብሩ አልጐደለም፤ ቁጠባው ግን ጐድሏል። ስለዚህ በመዝገቡ ግርጌ በየመስከረሙ የተጣራው ሀብት በብር ከተጻፈ በኋላ ስንት ኩንታል ጤፍ እንደሚገዛ አብሮ ይጻፍ።

ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና ማንበብ የሚችል አንድ የቤቱ ልጅ ነው። ቀኑ፥ ብሩ፥ ከሦስቱ ዓምድ የትኛው እንደ ሆነ፥ የማይደገም ከሆነም ምልክቱ በአንድ መስመር ይጻፋል። ብድር ጠያቂው እንዲህ ያለ የአንድ ዓመት ደብተር ይዞ ሲመጣ የወረዳው ሹም የጥርን ጥጋብ ወይም የነሐሴን ረኃብ ሳይሆን የቤቱን ዓመት ያያል፤ ደብተር የሌለው እንደ ሆነ ደግሞ ከመስከረም 1 ቀን ጀምሮ ሀብቱንና ዕዳውን አስቈጥሮ መጀመሪያውን መስመር ሊያስጽፈው ይችላል።